ቀሚስ እግር ላይ ሲለጠፍ፣ ሹራብ ሲነዝር፦ የደረቅ አየር ስታቲክ ችግርና መፍትሄ

እህቴ ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ እኔ ጋ ዴንቨር ስትመጣ የያዘችው አንድ ጥቁር ቀሚስ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ለምርቃት ለብሳው ምንም አላላትም። እዚህ በመጀመሪያው እሁድ ለቤተክርስቲያን ለበሰችው፣ ከመኪና ወርዳ በሩ ጋ ሳትደርስ ቀሚሱ እግሯ ላይ ልጥፍ ብሎ እየተሳበ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ በእጇ ወደ ታች ስትጎትተው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። "ሻጩ አታሎኛል፣ ፎርጅድ ነው" አለች። ቀሚሱ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ሌብሉን ገልብጠን አየነው፣ ላዩ 100 ፐርሰንት ፖሊስተር፣ ገበሩም ፖሊስተር። ከሐምሌው ምን ተለየ ብዬ ስጠይቃት ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ አየሩ፣ ሁለተኛ ደግሞ ብርድ ስለሆነ ከስር ናይለን ስቶኪንግ አድርጋለች፣ አዲስ አበባ ላይ አላደረገችም። ሁለቱን ለየብቻ ካላያችሁ ብራችሁን አጥፍታችሁ ምንም ለውጥ አታዩም።

ምልክት፦ ቀሚስ ወይ ሱሪ እግር ላይ ይለጠፋል

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለት የተለያየ ጨርቅ ተነካክቶ ሲለያይ ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሄዳል፣ ስታቲክ የሚባለው ይሄው ነው፣ ስትራመዱ ደግሞ ይሄ በየእርምጃው ይደጋገማል። ናይለን፣ ሱፍና ሐር ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ወደ መሆን ያዘነብላሉ፣ ፖሊስተርና አክሪሊክ ወደ ኔጋቲቭ፣ ጥጥ መሃል አካባቢ ነው። ተቃራኒዎች ስለሚሳሳቡ ኔጋቲቩ ቀሚስ ፖዘቲቩ ስቶኪንግ ላይ ይለጠፋል። ያው የእህቴ አለባበስ ከሁሉም መጥፎ ከሚባሉት ጥንዶች አንዱ ነበር ማለት ነው።

ግን ቻርጅ መፈጠሩ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ሐምሌም ላይ ይፈጠር ነበር እኮ፣ ዋናው ጉዳይ የሚወጣበት መንገድ ማግኘቱ ነው። መንገዱ ውሃ ነው። ጨርቅ ደረቅ ቢመስልም ከአየር እርጥበት ይይዛል፣ አየሩ 65 ፐርሰንት እርጥበት ሲኖረው ጥጥ ከክብደቱ 7 ወይ 8 ፐርሰንት ያህል ውሃ ይይዛል፣ ናይለን 4 ገደማ፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው ፖሊስተር ታጥቦ ቶሎ የሚደርቀው፣ ለዚሁ ነው ቻርጁንም ይዞ የሚቀረው፣ አንዱን ፈልጋችሁ ሌላውን እምቢ ማለት አትችሉም።

አሁን አየሩን ጨምሩበት። ውጪ 0 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 ፐርሰንት ቢሆን እንኳን ያ አየር ቤት ገብቶ በሂተር 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 20 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ውሃው አልጠፋም፣ የሞቀ አየር ብዙ መያዝ ስለሚችል ነው ፐርሰንቱ የሚያንሰው። በግምት ከ40 በታች ሲወርድ ነው ስታቲክ የሚያስቸግረው። አዲስ አበባም በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲደርቅ ትንሽ ትንሽ ይታያል፣ ሂተር ያለበት ክረምት ግን ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ፈትኑ፣ ቀሚሱን ያለ ስቶኪንግ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል ተራመዱ። መለጠፉ በጣም ከቀነሰ ጥፋተኛው ጥንዱ ነው፣ መፍትሄውም ስቶኪንጉን ጥጥ በበዛበት መቀየር ወይም በመሃል የጥጥ የውስጥ ልብስ ማስገባት ነው። እህቴ ጋ የሰራው ይሄ ነው፣ ጥጥ የበዛበት ታይት አደረገችና ቀሚሱ ወረደ፣ ፍጹም አልጠፋም ግን መጎተት አቆመች። ያለ ስቶኪንግም ቆዳችሁ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ግን ቆዳው ራሱ ደርቋል፣ እግራችሁን ሎሽን ቀቡና እስኪገባ ጠብቃችሁ ልበሱ።

መንገድ ላይ ከያዛችሁ መዳፋችሁን በጣም ትንሽ አርጥባችሁ የቀሚሱን ውስጥ ዳስሱት፣ ወይም የብረት መስቀያ በባዶ እጅ ይዛችሁ በቀሚሱና በእግራችሁ መሃል አሳልፉት፣ ቻርጁ በብረቱ አድርጎ ወደ እናንተ ይወጣል። ግን ብረቱ ባዶ መሆን አለበት፣ አብዛኛው የሽቦ መስቀያ ቀለም ወይ ፕላስቲክ ተቀብቷል፣ "ሞክሬው አልሰራም" የሚሉት ብዙዎቹ እሱን ይዘው ነው። ደግሞም ጊዜያዊ ነው፣ 20 ደቂቃ ስትራመዱ ተመልሶ ይመጣል። ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ማድረግም ይባላል፣ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ እኔ ግን ብዙም አላምንበትም።

ምልክት፦ ከድራየር ሲወጣ ሁሉም እርስ በርስ ተጣብቋል

ይሄ የሚመጣው ከመጠን በላይ በማድረቅ ነው። ጥጥ ፎጣና ፖሊስተር ሸሚዝ አንድ ላይ ሲገቡ ሸሚዙ በ20 ደቂቃ ደርቆ ፎጣው እስኪደርቅ ሌላ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይሽከረከራል፣ ውሃ የለም፣ መፋተጉ ግን አልቆመም። ስለዚህ ሲንተቲኩን ለብቻው አድርቁ፣ ትንሽ እርጥብ እያለ አውጡና መስቀያ ላይ ስቀሉት፣ በተለይ አክሪሊክ ሹራብና ፍሊስ ከነጭራሹ ድራየር ባይገቡ ይሻላል።

ሶፍትነር ይሰራል፣ የሚሰራውም ጨርቁ ላይ ትንሽ እርጥበት የሚስብና መፋተግ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ስለሚያስቀር ነው። ግን ሽፋኑ ላብ የሚመጥጡ የስፖርት ልብሶችን ስራ ያበላሻል፣ ፎጣም ውሃ መምጠጥ ይቀንሳል፣ እሳት እንዲቋቋም የተሰራ የልጆች ፒጃማ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትጠቀሙ፣ ሌብሉ ላይም ይጻፋል።

ምልክት፦ ሹራብ ሲወልቅ ይንጣጣል፣ የበር እጀታ ይነዝራል

ሱፍ ውሃ ብዙ ይይዛል ብለን ነፃ ልናወጣው እንችላለን፣ ግን በጣም በደረቀ ቤት የያዘውን ይለቅና ከፖሊስተር ሸሚዝ በላይ ሲለበስ በጨለማ ብልጭታው ይታያል። ከስር የጥጥ ከናቴራ ቢሆን ይቀንሳል። እጀታው ላይ የሚነዝራችሁ ግን ልብሱ ብቻ ሳይሆን የጎማ ሶልና ምንጣፉም ነው፣ በጣት ጫፍ ከመንካት በቁልፍ መጀመሪያ ብረቱን ንኩ፣ ብልጭታው ቁልፉ ላይ ያልቃል እጃችሁን አያምም።

ነዳጅ ስትቀዱ ግን ቀልድ አይደለም። ፓምፑን ሰክታችሁ ስለበረደ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ ከወንበሩ ጋር የተፋተገው ጃኬት ቻርጅ አድርጓችኋል፣ ቀዳዳው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ከቀዳዳው ራቅ ብላችሁ የመኪናውን ብረት በባዶ እጅ ንኩ፣ የሚሻለው ግን ከነጭራሹ አለመግባት ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ የትኛውም ልብስ እየተለጠፈ ከሆነ ልብሶቹን ተዉአቸውና ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ መኝታ ቤት አስቀምጡ። እኛ ቤት 18 ነበር የሚያሳየው። ሂዩሚዲፋየር አስገብተን 40 አካባቢ ላይ ቆየ፣ ከዚያ በላይ ግፉ አልልም፣ ብርዱ ሲጠና መስኮቱ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱት፣ አለዚያ ጥግ ጥጉ ላይ ሻጋታ ይመጣል። እህቴ አሁን ቀሚሱን ማታ እዚያው ክፍል ነው የምትሰቅለው።