“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” እና ሌሎች የኦንላይን ሱቅ ገጾች ስህተቶች

የተመላሽ፣ የዴሊቨሪና የአገልግሎት ውል ገጾችን ደንበኛ ሲገዛ አያነባቸውም። የሚያነባቸው ጫማው ሲጠበው፣ ሞተረኛው ሲዘገይ ወይም ብሩ አልመለስ ሲለው ነው። ያኔ ደውሎ “የት ላይ ጽፋችሁታል?” ይላል። ስለዚህ ስትጽፉ ያንን ስልክ እያሰባችሁ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲመቸን አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ሱቅ እንውሰድ። ጫማው 3,200 ብር፣ ማድረሻው 250 ብር ነው እንበል።

“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ብሎ መዝጋት

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከሱቅ ግድግዳና ከደረሰኝ ግርጌ ተነስታ ቀጥታ ድረ ገጽ ላይ ትለጠፋለች። ችግሩ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሌላ ነገር ነው የሚለው። ዕቃው ጉድለት ካለበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና መስጠት ይችላል፤ “አይመለስም” ብሎ ስለጻፈ ግን ከግዴታው አያመልጥም።

ዋናው ነገር ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ቃል አለመጠቅለል ነው። ሶሉ የለቀቀ ጫማ መላክ የእናንተ ጥፋት ነው። 39 አዞ 38 ከደረሰውም እንደዚያው። ራሱ 39 አዞ ከጠበበው ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። “ቀለሙን ሳየው አልወደድኩትም” ካለ ደግሞ መቀበል አለመቀበል የእናንተ ውሳኔ ነው፣ ብቻ አስቀድማችሁ ተናገሩት። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፦

“ጫማው ጉድለት ካለበት ወይም ካዘዙት የተለየ ከሆነ፣ ሞተረኛ ልከን እንወስደዋለን። ሌላ እንልክልዎታለን ወይም የከፈሉትን 3,200 ብርና የማድረሻውን 250 ብር እንመልሳለን፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ቁጥሩ ካልሆነዎት አንድ ጊዜ እንለውጣለን፤ የሞተሩን ሂሳብ እርስዎ ይከፍላሉ። ሐሳብዎን ከቀየሩ መለወጥ ይችላሉ፣ ገንዘብ ግን አንመልስም።”

አጭር ነው፣ ግን ማን ምን እንደሚከፍል ያሳውቃል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው በጫማው ዋጋ አይደለም፤ በዚያች 250 ብር ነው።

ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር አለመናገር

“በ7 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል” ይላል ገጹ። ከመቼ ጀምሮ? ደንበኛው ሰኞ ከፈለ፣ ጫማው ሐሙስ ደረሰው። እናንተ ከሰኞ ስትቆጥሩ እሱ ከሐሙስ ይቆጥራል። “ዕቃው እጅዎ ከገባበት ቀን ማግስት ጀምሮ” ብላችሁ ጨርሱት። ለጉድለት ግን 7 ቀን አይበቃም፤ ሕጉ 15 ስለሚል ለብቻው ጻፉት። ቀን ቆጥሮ የሚያበቃው ምን ሲሆን እንደሆነም ይጠቀስ፦ ደንበኛው ሲደውል ነው ወይስ ዕቃው ሱቅ ሲደርስ? ክልል ላለ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ያሳወቀበት ቀን ቢያዝ ይሻላል።

“ያልተጠቀሙበት” የሚለውም ቃል ብቻውን አይሠራም። ጫማ ሳይሞከር እንዴት ይታወቃል? “ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይሞክሩት፣ ሶሉ ላይ አፈር ወይም ጭረት ካለ ለቁጥር ለውጥ አንቀበልም፣ ካርቶኑንም ይዘው ይቆዩ” ማለት ይቻላል። ይሄኛው በፎቶ የሚረጋገጥ ነው።

ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ መርሳት

ይህ ብዙ ሱቆች ጋ የለም፣ በጣም ግን ያስፈልጋል። በተለይ ውጭ አገር ያለ ሰው ሲያዝ። ዋሽንግተን ያለ ልጅ በካርዱ ከፍሎ ለእናቱ አያት ሰፈር ድረስ ጫማ ይልካል። ጫማው ጠበባቸው፤ እናት ደውለው “ብሩን ለእኔ ስጡኝ” ይላሉ። ብትሰጧቸውና ልጁ ደግሞ በካርዱ እንዲመለስለት ቢጠይቅ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ገጹ ላይ “ዕቃውን የተረከበው ሰው መለወጥ ይችላል፤ ገንዘብ ግን የሚመለሰው ለከፈለው ሰው፣ በከፈለበት መንገድ ብቻ ነው” ብላችሁ ጻፉ። በቴሌብር የከፈለ፣ ወደዚያው ስልክ ቁጥር። በካርድ የከፈለ፣ ወደዚያው ካርድ፣ በከፈለበት ገንዘብ። ሲረከብ በካሽ የከፈለ ደግሞ በራሱ ስም ያለ አካውንት ይስጣችሁ። የላካችሁበት ቀንና ገንዘቡ እሱ ጋ የሚታይበት ቀን አንድ አለመሆናቸውንም ንገሩት፤ ካርድ ላይ ባንኩ የራሱን ቀናት ይወስዳል። “ጫማው ከደረሰን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንልካለን” የምትሉት የእናንተን ድርሻ ብቻ ነው።

“አዲስ አበባ በ24 ሰዓት”

አዲስ አበባ የት ነው የሚያልቀው? ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ያለ ደንበኛ አዲስ አበባ ነኝ ብሎ ነው የሚያዘው። ሞተረኛው ግን ሌላ ሂሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ “አዲስ አበባ” ብቻ አትበሉ፣ ሰፈሮቹን ከነዋጋቸው ዘርዝሩ። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ስንት ነው? ከአያት ጋር እኩል ነው?

ሰዓትም ላይ ተጠንቀቁ። “ከ6 ሰዓት በፊት ያዘዘ በዚያው ቀን ይደርሰዋል” ብትሉ እዚህ ያለው ሰው እኩለ ቀን ብሎ ይረዳዋል፣ ስልኩ ላይ የትዕዛዙ ሰዓት 12:00 ተብሎ ይመጣል፣ ውጭ ያለው ደግሞ በራሱ አገር ሰዓት ያስበዋል። “በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት” ብሎ መጻፍ ነው። እሑድና በዓል ካልሠራችሁም ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስልክ የማያነሳ ደንበኛ ነው። ቤት ቁጥር አይቶ የሚያገኝ ሞተረኛ ብዙም የለም፤ “ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሱቁ ጋ ስትደርስ ደውል” ነው አሠራሩ። ደውሎ ካልተነሳስ? “ሁለት ጊዜ ደውለን 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ካላገኘንዎት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ማድረሻ 250 ብር በእርስዎ ነው” ብላችሁ አስቀድማችሁ ካልጻፋችሁ ያንን ሂሳብ መጠየቅ ይከብዳችኋል። ክልል በአውቶቡስ ለምትልኩት ደግሞ ደንበኛው መናኸሪያ ሄዶ በመታወቂያ እንደሚረከብ፣ መንገድ ላይ ቢጠፋ ኃላፊነቱ የእናንተ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በግልጽ ይነገር። የእናንተ ቢሆን ይመረጣል፤ ሹፌሩን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

የሌላ አገር ውል ኮፒ ማድረግ

የውል ገጹን ከፍታችሁ ፈልጉ፦ “ካሊፎርኒያ” የሚል አለ? የሌላ ሱቅ ስምስ? ያልተሞላ ባዶ ቅንፍስ? ቴምፕሌት ሲገለበጥ እነዚህ ይቀራሉ። የባሰው ደግሞ የማትሰጡትን መብት ይዞ መምጣቱ ነው፤ የተመላሽ ገጻችሁ 7 ቀን እያለ ውሉ ውስጥ 30 ቀን ተቀምጦ ይገኛል። ደንበኛው ስክሪንሹት አድርጎ የሚልክላችሁ 30ውን ነው። ቀንና ብር አንድ ገጽ ላይ ብቻ ይጻፍ፣ ሌሎቹ ወደዚያ ይጠቁሙ።

ለትንሽ ሱቅ ረጅም ውል አያስፈልግም። ሻጩ ማን ነው (በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ አድራሻና ስልክ)፣ ትዕዛዝ ተቀባይነት ያገኘው መቼ ነው፣ 3,200 በስህተት 320 ተብሎ ቢለጠፍ ምን ይሆናል፣ አለመግባባት ቢፈጠር የየት አገር ሕግ ይሠራል። የመጨረሻውን ነጥብ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ጥሩ ነው። ገጹ አናት ላይ የተሻሻለበትን ቀን ጻፉ፣ የድሮውንም ቅጂ አስቀምጡ፤ ከዚያ ቀን በፊት ያዘዘ ሰው የሚስተናገደው ባዘዘበት ጊዜ በነበረው ነው።