ፕሮፖዛሉን የጻፈው ማሽን ይሆን? ንጹሑን ተመራማሪ ሳይወነጅሉ ማጣራት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው «በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ እለያለሁ» ወደሚል መሣሪያ ነው። እስቲ አንዴ እናስላው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መለያ በማሽን ከተጻፈው የሚይዘው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት ይወነጅል ነበር። ኩባንያው ራሱ በዚያው ዓመት አነሳው። እንግዲህ 200 ፕሮፖዛል ገብቶልዎት 20ው በድብቅ በማሽን የተጻፈ ነው እንበል። መሣሪያው ከ20ው 5 ያህሉን ይይዛል። ከ180ዎቹ ንጹሓን ግን 16 ያህሉን ይጠቁማል። ጥፋተኛ ተብለው ከቀረቡልዎት 21 ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አላጠፉም ማለት ነው።

ዛሬ የተሻሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ስሌቱን ግን አይርሱት። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ደግሞ የበለጠ እንጎዳለን። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ጥናት እንዲህ ያሉ መለያዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎችን የእንግሊዝኛ ድርሰት ደጋግመው የማሽን ሥራ እንደሚሉ አሳይቷል። የቃላቱ ቀላልነት ነው ያስጠረጠራቸው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከማመልከቻው ቅጽ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅመዋል? ለምን? ለቋንቋ እርማት፣ ለትርጉም ወይስ ለሐሳቡ?» ብለው ሁሉንም ይጠይቁ። ቋንቋ ማሳረም እንደማያስቀጣ እዚያው ይጻፉ። ካልጻፉ ሰው ፈርቶ ይደብቃል።

ቀጥሎ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይፈልጉ። ከማጣቀሻዎቹ አምስቱን ይምረጡና በርዕስና በዲኦአይ ቁጥር ይፈልጓቸው። የሌለ ጽሑፍ መጥቀስ ከአጻጻፍ ለዛ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ፕሮፖዛሉን ግን ውጭ ባለ መሣሪያ ላይ አይጫኑት፤ የሰው ያልታተመ ሐሳብ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) እ.ኤ.አ. በ2023 ገምጋሚዎቹን ከዚህ የከለከለው ምስጢሩ እንዳይወጣ ነው።

ገምጋሚው ሪፖርቱን በማሽን አስጽፎት ይሆን ብለው ሲጠረጥሩም እንዲሁ ነው። «ናሙናው ትንሽ ነው፤ ሥነ ጽሑፉ ይስፋ» የሚል ለየትኛውም ጥናት የሚስማማ አስተያየት ደካማ ግምገማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሪፖርቱ «ስእል 4 ግልጽ አይደለም» ቢልና ጽሑፉ ሦስት ስእል ብቻ ቢኖረውስ? እዚህ ላይ መጠየቅ ይገባል። መጀመሪያ ግን ለገምጋሚው የትኛው ቅጂ እንደተላከ ያረጋግጡ። የቀድሞው ቅጂ አራት ስእል ኖሮት ይሆናል፤ ያኔ ስህተቱ የቢሮዎ ነው።

ቅጂው ትክክል ከሆነ «ማሽን» የሚል ቃል ሳያነሱ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«ለግምገማዎ እናመሰግናለን። ስእል 4 ያሉትን አላገኘነውም። የትኛውን ስእል ማለትዎ እንደሆነና ምኑ ግልጽ እንዳልሆነልዎ ቢያብራሩልን?»

ጽሑፉን ያነበበ ሰው «ይቅርታ፣ ስእል 3 ማለቴ ነው፤ መስመሮቹ አይለዩም» ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። መልሱ እንደገና ጥቅል ከሆነ ጉዳዩን የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ላልሰማ ሌላ አንባቢ ይስጡት። እሱም ካልተቀበለው ሪፖርቱን በጥራት ጉድለት ይተዉትና ሌላ ገምጋሚ ይፈልጉ። በሰውየው መዝገብ ላይ ግን «ተጠርጣሪ» ብለው ምንም አይጻፉ።