የታገደው ሰልፍ፦ በተመጣጣኝነት ፈተና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የሕግ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ጥያቄው ምናባዊ ነው። ነዋሪዎች የውሃ ፈረቃ አማሯቸው። 300 ያህል ሆነው ማክሰኞ ጠዋት ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ሊሰለፉ አሰቡ፤ ከሦስት ቀን በፊትም በጽሑፍ አሳወቁ። ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣላቸው፦ «ድንጋይ ለመወርወር ያሰቡ እንዳሉ መረጃ ስለደረሰን፣ የከተማዋን ገጽታም ለመጠበቅ፣ ማንኛውም ሰልፍ ለሦስት ወር ታግዷል።» እገዳው ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ? ይህ የሚመለሰው በተመጣጣኝነት ፈተና ነው፦ ገደቡ ሕግ አለው ወይ፣ ዓላማው ተቀባይነት አለው ወይ፣ ገደቡ ዓላማውን ያሳካል ወይ፣ ጉዳቱ ያነሰ መንገድ አለ ወይ፣ መጨረሻ ላይም ጥቅሙ ከጉዳቱ ጋር ሲመዘን ይበልጣል ወይ ተብሎ በቅደም ተከተል ይጠየቃል።

በብዛት ያየሁት ስህተት ቀጥታ ወደ ሚዛኑ መሮጥ ነው። «መብቱ ይበልጣል ወይስ ጸጥታው?» ብሎ መጀመር። ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ደብዳቤው የቆመበት ሕግ የታል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ስለ ሰልፉ ቦታና መንገድ፣ በሰልፉ ወቅትም ስለ ሰላም ሥርዓት እንዲወጣ ይፈቅዳል። የሰልፍ አዋጁ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቁ ይላል እንጂ ፈቃድ ይለምኑ አይልም። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ካልተስማማው፣ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ገልጾ ሌላ ቦታ ወይም ጊዜ ይጠቁማል። ጭራሽ አይካሄድም የማለት ሥልጣን ግን የለውም። ደብዳቤያችን እዚሁ ወደቀ ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ እስክሪብቶ ማስቀመጥም ነጥብ ያስከፍላል። «ሕግ አለው ብንል እንኳ» ብላችሁ ቀጥሉ። አንድ ተማሪ «ተመጣጣኝነት የሚል ቃል አንቀጽ 30 ውስጥ የለም» ብሎ አቁሟል። እውነት ነው፣ የለም። ሆኖም አንቀጽ 13(2) የመብት ድንጋጌዎቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ደግሞ ገደቡ በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ «አስፈላጊ» መሆን አለበት ይላል። የተመጣጣኝነት ፈተናው የሚገባው በዚህ በር ነው።

ሌላው ስህተት አስተዳደሩ የጠቀሰውን ዓላማ እንዳለ መዋጥ ነው። ጸጥታ ተቀባይነት ያለው ዓላማ ነው። «ገጽታ»ስ? ቃል ኪዳኑ ከዘረዘራቸው ዓላማዎች ውስጥ የለም። ፍርሃቱ ፋሲል ግቢን ሊጎበኙ የመጡ ቱሪስቶች «ውሃችን የት ገባ?» የሚል ባነር እንዳያዩ ከሆነ ደግሞ ክልከላው በሐሳቡ ይዘት ላይ ሆነ። ይህን አንቀጽ 29(6) ይከለክላል። ስለዚህ ገጽታን ጣሉና ጸጥታን ብቻ ይዛችሁ እለፉ።

ጸጥታን ይዞ ሲታለፍ ብዙው ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ያደርጋል። አንዱ፣ እገዳው ዓላማውን ያሳካል ወይ? አዎ፤ ሰው ካልወጣ ድንጋይ የሚወረውር የለም። ይህ ቀላሉ ነው፤ በሁለት መስመር ጨርሱት። ከባዱ፣ ያንኑ ዓላማ መብቱን ባነሰ ጉዳት የሚያሳካ ሌላ መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው። እዚህ ጋ «ሌሎች አማራጮች አሉ» ብሎ ማለፍ ባዶ መልስ ነው። አማራጩን ስም ስጡት። በመንገዱ ላይ ፖሊስ ማቆም። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግሮ አስተባባሪዎችን ማሰማራት። የመንገዱን አንድ ክፍል መቀየር። ድንጋይ ሲወረውር የተገኘውን ለይቶ መያዝ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጸጥታውን እንደ እገዳው ያህል ያስጠብቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጎበዙ ተማሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጥቂቶች ድንጋይ የ300 ሰውን ሰላማዊነት አይሰርዝም። አማራጮቹ የማይበቁበትን ምክንያት የማስረዳት ሸክሙም የአስተዳደሩ ነው። «መረጃ ደርሶናል» ማስረጃ አይሆንም፤ ማን፣ መቼ፣ የት?

ጥያቄውን ገልብጣችሁም ሞክሩት። ፖሊስ የተወሰኑ ሰዎች ለዚያው ማክሰኞ ድንጋይ ማከማቸታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበ እንበል። አስተዳደሩም በሰዓቱ መልስ ሰጥቶ ሰልፉ ሐሙስ ይሁን አለ። ይህ ያልፋል ብዬ አስባለሁ። የሦስት ወሩ እገዳ ግን በዚያ ማስረጃ አይድንም፤ ማስረጃው ስለ አንድ ቀን ነው።

መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ይመጣል። «የሕዝብ ጥቅም ከግለሰብ መብት ይቀድማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አነበብኩ! እዚህ ሰልፈኛውም ሕዝብ ነው። የሚመዘነው ፖሊስ ካሰማራን በኋላ እገዳው የሚጨምረው ደኅንነት ምን ያህል ነው የሚለው ነው። በሌላው ወገን የሚቀመጠው የጠፋው ነገር ነው። የአንድ ጠዋት ሰልፍ ብቻ አይደለም፤ ስለ ደመወዝም ስለ መንገድም ለሦስት ወር ማንም አይሰለፍም። አንዷ ተማሪ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ውሃውስ እስከዚያ ይመጣል?» ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች። ባትሰርዘው ኖሮ አንድ ነጥብ እጨምርላት ነበር።