ከ40 ወደ 59፦ የመርጋት ነጥቡን ያነበብኩበት ቦታ ስህተት ነበር

ደሴ ውስጥ በምናስተምርበት ቤተ ሙከራ፣ ምንነቱ ለተማሪዎቹ ያልተነገራቸውን 3.00 ግራም ሟሚ በ50.0 ግራም ውሃ አሟምተን በበረዶና በጨው ድብልቅ ስናቀዘቅዘው ቴርሞሜትሩ እስከ −2.8 ዲግሪ ስለወረደ፣ ሟሚው የውሃውን የመርጋት ነጥብ ዝቅ ካደረገበት መጠን ተነስተን ሞላር ማሱን በሞል 40 ግራም ብለን አሰላን። ሟሚው ዩሪያ ስለነበር መልሱ 60 መሆን ነበረበት።

በመጀመሪያ ከፍታውን ጠረጠርኩ፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም የመርጋት ነጥቡ የሚለወጠው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ሙከራውን ደግሜ በየ15 ሴኮንዱ ስመዘግብ ምክንያቱ ታየኝ። ሙሙቱ በረዶ ሳይሠራ −2.8 ደርሶ፣ የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ቅንጣቶች እንደታዩ በሚወጣው ሙቀት በድንገት ወደ −1.8 ተመለሰ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። የሚረጋው ውሃው ብቻ ስለሆነ የቀረው ሙሙት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ነጥብ ዝቅተኛው ንባብ አይደለም። ይህን በዝግታ የሚወርድ መስመር ወደ ኋላ ስቤ ከመጀመሪያው የቅዝቃዜ መስመር ጋር ሳገናኘው −1.7 አገኘሁ።

ሁለተኛው ስህተት ቴርሞሜትሩን ማመናችን ነበር፤ በንጹሕ ውሃና በረዶ ውስጥ 0.2 ያነብባል። ስለዚህ ልዩነቱ 1.9 ዲግሪ ነው፤ 1.86 የውሃ የመርጋት ነጥብ መውረድ ቋሚ ቁጥር፣ 0.0500 ደግሞ የውሃው መጠን በኪሎግራም ሲሆን፦

M = (1.86 × 3.00) ÷ (1.9 × 0.0500) ≈ 59

አሁን ሙሙቱ ወደ −2 ሲጠጋ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ የበረዶ ቅንጣት ጥለን ሳናቋርጥ እናማስላለን፤ ያን ጊዜ ሳይረጋ ከመርጋት ነጥቡ በታች መውረዱ በጣም ያንሳል። ሟሚው እንደ ገበታ ጨው ወደ አዮኖች የሚለያይ ከሆነ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም፤ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ግማሽ ገደማ ይሆናል።