«ተበላሽቷል» የተባሉት ኢርበዶች፦ መጀመሪያ ሲያገናኙ የሚሠሩ ስህተቶች

ስልክ መጠገን ሥራዬ ነው። «አዲስ ነው፣ ግን ተበላሽቷል» ተብለው የሚመጡልኝን ገመድ አልባ ኢርበዶች ስፈትሻቸው፣ አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ከካርቶን ወጥተው ገና አንድ ቀን እንኳ አልሞላቸውም። የተበላሸው ከስልኩ ጋር የተዋወቁበት መንገድ ነው። ያንኑ ነገር በቃል ስደጋግም ስለሰለቸኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ላስቲኩን ሳይልጡ መጀመር

ኢርበዶቹን ከኬዙ ስታወጧቸው ወርቃማ ነጥቦቻቸው ላይ ቀጭን ላስቲክ ተለጥፎ ይመጣል። አንዳንዱ ግልጽ ስለሆነ ከብርሃን ፊት ካላያችሁት አይታይም። ላስቲኩ ካልተነሣ ኢርበዱ ከኬዙ ጋር አይነካካም። ካልተነካካ ደግሞ ቻርጅ አያደርግም፣ ክዳኑ መከፈቱንና መዘጋቱንም አያውቅም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ኢርበድ ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ላይ አሳድሬ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። የኬዙ መብራት አረንጓዴ ሆኖ አድሯል። ቻርጅ ያደረገው ግን ኬዙ ብቻ ነበር። ሁለት ትንንሽ ላስቲክ ነው ያሳፈረኝ።

ፔሪንግ ሞድ ውስጥ ያለን ነገር እንደገና ፔሪንግ ሞድ ለማስገባት መታገል

ብዙ ኢርበዶች መጀመሪያ ክዳኑ ሲከፈት ወይም ከኬዙ ሲወጡ በራሳቸው ፔሪንግ ሞድ ይገባሉ፤ ማለትም አዲስ ስልክ እንዲያገኛቸው ራሳቸውን ያሳያሉ። መብራታቸው ፈጠን ፈጠን እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ጊዜ ቀይና ሰማያዊ እየተፈራረቀ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ ብቻ ያበራል። ይህን ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ጀማሪ ግን «አንድ ነገር መጫን አለብኝ» ብሎ ያስባል፣ ተጭኖም ይይዛል፣ ኢርበዱም ይጠፋል። እንደገና ይከፍተዋል፣ እንደገና ይጫናል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ነው እኔ ጋ የሚመጣው።

በራሱ የማይገባ ከሆነ ኬዙ ላይ ቁልፍ ፈልጉ። ከኋላ ወይም ከሥር ሊሆን ይችላል። ኢርበዶቹ ውስጥ ሆነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ያዙት። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ቁልፍ የሌለው ኬዝ ከሆነ የሚነካው የኢርበዱ ገጽ ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደሚያዝ አብሮት የመጣው የመመሪያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን እንዳትጥሉት። በኋላም ያስፈልጋችኋል።

ደግሞ ፔሪንግ ሞድ ዘላለም አይቆይም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ያቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ብሉቱዝ ገጹን ክፈቱ፣ ከዚያ ኢርበዱን አውጡ። አንድሮይድ ላይ «Pair new device» የሚለውን ተጭናችሁ ገጹን ክፍት ተዉት። ገጹ ሲዘጋ ስልኩም መፈለጉን ይተዋል።

ግራውንም ቀኙንም ለየብቻ መምረጥ

አሁን እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዴ መጨረሻው ላይ L እና R ተጨምሮበት። ሰውየው ያስባል፦ ጆሮዬ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ልንካ። ይነካቸዋል። ከዚያ ድምፅ በአንድ ጆሮ ብቻ ይመጣል፣ ወይም ግራው ሲበራ ቀኙ ዝም ይላል። «አንዱ ጎን ተቃጥሏል» ይለኛል። አልተቃጠለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ሁለቱ ኢርበዶች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው መያያዝ አለባቸው። ከኬዙ ሲወጡ ይፈላለጋሉ፣ ሲገናኙ አንደኛው መሪ ይሆናል፣ ስልኩም በአንድ ስም ብቻ ያያቸዋል። ስለዚህ በደህናው ጊዜ የሚታየው አንድ ስም ነው። ሁለት ስም ካያችሁ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ገና አልተገናኙም ማለት ነው። ያን ጊዜ ስልኩ አንዱን ቶሎ ከያዘው፣ ሌላው ጓደኛውን ፈልጎ ያጣና ለብቻው ራሱን ማስተዋወቅ ይጀምራል። እናንተ ደግሞ እሱንም ትነኩታላችሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ያልተዛመዱ ዕቃዎች ናቸው ያሏችሁ። በርካሾቹ ላይ በብዛት የማየው ይኼ ነው።

ታናሽ እህቴ ያመጣችልኝን ልንገራችሁ። ቀኙ ይሠራል፣ ግራው ዝም። ወረቀቱን አንብባ ኢርበዱን ሪሴት አድርጋዋለች። አንዴ አይደለም፣ አራቴ። በየጊዜው ግን ቀኙ ብቻ ይመለሳል።

«ስልክሽ ላይስ አጥፍተሽዋል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስሙን።»

«እሱን ምን አደረገኝ ብዬ አጠፋዋለሁ?»

ጥፋቱ እዚህ ጋ ነበር። ፔር ማድረግ ማለት ሁለቱ ወገኖች አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ ተስማምተው እያንዳንዳቸው ያንን ቁልፍ ማስቀመጣቸው ነው። ቁልፉ ስልኩም ውስጥ አለ፣ ኢርበዱም ውስጥ አለ። ኢርበዱን ሪሴት ስታደርጊው እሱ ይረሳል። ስልኩ ግን አልረሳም። ኢርበዱ ከኬዙ ወጥቶ ገና ጓደኛውን ሳያገኝ፣ ስልኩ በአሮጌው ስም ይጠራዋል። ወይ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ወይ ቀኙን ብቻውን ይዞ ይሄዳል። ተቃራኒውም ያው ነው፤ ስልኩ ላይ ብቻ ካጠፋችሁት ኢርበዱ አሁንም የድሮውን ያስታውሳል።

ስለዚህ ያደረግነው ይህን ነው። በመጀመሪያ ስልኳ ላይ በዚያ ስም የተመዘገቡትን ሁሉ «Forget» ብለን አጠፋን። ሁለት ነበሩ። ቀጥሎ የስልኩን ብሉቱዝ ጭራሽ ዘጋነው። ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፣ የሚሠራውም ይኼው ነው። ስልኩ ዝም ካላለ ኢርበዶቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፋታ አያገኙም። ከዚያ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ ከትተን፣ ቻርጅ ማድረጋቸውን በመብራቱ አይተን፣ ወረቀቱ በሚለው መንገድ ሪሴት አደረግናቸው። የሷ ቁልፉን አሥር ሰከንድ መያዝ ነበር፤ የሌላው ይለያል። ክዳኑን ዘግተን ትንሽ ቆየን።

ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አወጣናቸው። መጀመሪያ ሁለቱም ያብለጨልጩ ነበር። አሥር ሰከንድ ያህል አልሞላም፣ ግራው አቆመ። ቀኙ ብቻውን ማብለጭለጭ ቀጠለ። ያ ነው የምትጠብቁት ምልክት፤ ተገናኝተዋል፣ አንዱ መሪ ሆኗል ማለት ነው። በብዙ ሞዴል እንዲህ ነው። እህቴ ግን «ይኸው ግራው ጠፋ» ብላ ልትነካው ስትል እጇን ያዝኩት። አሁን ብሉቱዙን ከፈትን። አንድ ስም ብቻ መጣ። ነካነው፣ ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ድምፅ ገባ።

አራቴ ሪሴት ከማድረግ አንዴ መጀመሪያ ስሙን ማጥፋት ይሻላል።

ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ እንደያዘው አለማወቅ

ኢርበድ ከኬዝ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልገው ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘውን ዕቃ ነው። ሌላ ሰው በስልኩ ሞክሮት ከነበረ፣ ያ ስልክ በአቅራቢያችሁ ካለ ወደሱ ይሄዳል። የሚታወቀው መብራቱ ለአንድ አፍታ ብልጭ ድርግም ይልና ወዲያው ሲረጋ ወይም ሲጠፋ ነው። እናንተ ፔሪንግ ሞድ አልገባም ትላላችሁ። እሱ ግን ተገናኝቷል፣ ከሌላ ጋር።

እኔ ጋ የተበላሸ ስልክ ያለ መስሎኝ አንድ ሰዓት ያባከንኩት በዚህ ነው። ኢርበዱን ከስልኩ ላገናኝ ስታገል፣ ጎን ክፍል የተቀመጠው ላፕቶፔ ይዞት ነበር። ግድግዳ ቢኖርም አሥር ሜትር ገደማ ድረስ ሊደርስ ይችላል። የነቃሁት ላፕቶፑን ስከፍት ያቆምኩት ቪድዮ ድምፁ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ነው። ስለዚህ አዲሱን ስልክ ስታገናኙ የቀድሞውን ዕቃ ብሉቱዝ ዝጉ፣ ወይም ኢርበዱን ቁልፉን ይዛችሁ በግድ ፔሪንግ ሞድ አስገቡት። በራሱ ይገባል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚገባው ከምንም ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ አዲስ ኢርበድ ነው።

ጥቃቅኖቹ

ዝርዝሩ ላይ ስሙ «LE_» ብሎ የሚጀምር ካያችሁ ያን ተዉት። ለአፕሊኬሽኑ ነው፣ «ተገናኝቷል» ይላል ግን ድምፅ ላያወጣ ይችላል። «LE_» የሌለበትን ምረጡ።

ፒን ከጠየቃችሁ አሮጌ ሞዴል ነው፤ 0000 ሞክሩ።

ተገናኝቷል ይላል፣ ዘፈኑ ግን ከስልኩ ስፒከር ይወጣል? አንድሮይድ ላይ ከስሙ ጎን ያለውን የማርሽ ምልክት ነክታችሁ «Media audio» መብራቱን እዩ። አንዳንዴ ለስልክ ጥሪ ብቻ ይበራል።

ተበላሽቷል ማለት ያለባችሁ መቼ ነው

አንዱን ኢርበድ ኬዝ ውስጥ ስትከቱ መብራቱ ምንም ካላለ፣ ነጥቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ላስቲክ አለመቅረቱን ደግማችሁ እዩ፣ ሠላሳ ደቂቃ ተዉት። አሁንም ባዶ ነው? ቦታቸውን አትቀያይሩ፤ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ነው የሚገጥመው። ሌላኛው በቦታው ቻርጅ እያደረገ ያኛው ብቻ ዝም ካለ፣ ከነካርቶኑና ከነወረቀቱ ወደገዛችሁበት ውሰዱት። እኔ ጋ አታምጡት፤ የዚያን ባትሪ ለመቀየር ብከፍተው ተመልሶ አይዘጋልኝም።