ማን ያየዋል? አይቶስ? የዶክመንተሪ ማመልከቻ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ለዶክመንተሪ ፊልም ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩን ለመጻፍ ብዙም አይቸገርም። ከባለታሪኩ ጋር ከርሟል፣ ቀረጻም ጀምሯል። ብዕሩ የሚዶለዱመው መጨረሻ ገጾች ላይ ነው። ፊልሙን ማን ያየዋል? አይቶ ምን ይለወጣል? በየት በኩል ይደርሰዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አብዛኛው አመልካች ቀኑ ሊዘጋ ሲል በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይልካል። ገምጋሚውም ወዲያው ይነቃበታል።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ፊልም በሐሳባችን እንሥራ። አንዲት ሴት ከሪያድ ተመልሳ ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ስትሄድ አባቷ ለደላላ የከፈለው ብድር ገና አላለቀም። ታናሽ እህቷ ደግሞ ልትሄድ እየተዘጋጀች ነው። ጉዳዩ እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል።

«ፊልሙ ለሁሉም ሰው ነው»

ይህን የጻፈ ሰው ተመልካቹን ገና አላሰበበትም። «ከ18 እስከ 45 ዓመት ያሉ ወጣቶችና ጎልማሶች» ማለትም ብዙ አይሻልም። ዕድሜ ብቻውን ሰውየው የት እንደሚገኝ አይናገርም።

የእኛን ፊልም እንየው። መጀመሪያ የሚመጡልን ተመልካቾች ሊሄዱ የተዘጋጁ ልጃገረዶች ናቸው። ትክክል ነው፣ ግን ታሪኩን ትንሽ ጠለቅ ብለን እንመልከተው። ገንዘቡን የተበደረው ማነው? አባትየው። ደላላውን ቤት ያስገባው ማነው? ምናልባት አጎት ወይም ጎረቤት። ውሳኔው የልጅቷ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ተመልካች ብድር የሚወስደው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ይህን ማመልከቻው ላይ ስታሰፍሩ ገምጋሚው ቀና ይላል፤ ጉዳዩን እንደምታውቁት ገብቶታልና።

ሁለት ወይም ሦስት የተመልካች ቡድኖች ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ይገኛሉ፣ በምን ቋንቋ ያዩታል፣ በማን በኩል ይደርሳቸዋል። የወሎ አባት ሲኒማ ቤት አይመጣም። ዕድር ላይ ግን ይገኛል፣ ገበያ ይወጣል፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እንደየወረዳው አማርኛ ብቻ ላይበቃና ኦሮምኛም ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው ቡድን አሁን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ሴቶች ናቸው። እነሱ የሚያዩት በስልክ፣ በቁራጭ በቁራጭ፣ ሥራ ሲያልቅ ሌሊት ነው። ለእነሱ 80 ደቂቃ ፊልም መላክ ከንቱ ድካም ነው።

«ግንዛቤ ይፈጥራል»

እኔን በጣም የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ የሳዑዲን መከራ የማያውቅ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ሰው እያወቀ ነው የሚሄደው። ታዲያ ግንዛቤው የጎደለው ለማን ነው?

የተፅዕኖ ዕቅድ ሲባል ገምጋሚው የሚፈልገው «እገሌ የሚባል አካል ፊልሙን አይቶ ይህን ነገር ያደርጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። የዶክመንተሪ ፊልም ሠሪዎችን የሚደግፈው ዶክ ሶሳይቲ የተባለ ድርጅት ያዘጋጀው የኢምፓክት መመሪያ ለውጥን በአራት ይከፍለዋል፦ አመለካከት፣ ባህሪ፣ የማኅበረሰብ መደራጀት፣ እና ሕግ ወይም አሠራር። አራቱንም እቀይራለሁ የሚል ማመልከቻ አይታመንም። አንዱን ምረጡ።

እኛ ባህሪን መረጥን እንበል። ፊልሙ መሄድን ሊያስቀር አይችልም፤ ችግሩ ኑሮ ነው። ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ግን ተጨባጭ ነገር አለ። ቀረጻው ላይ አንድ ትዕይንት አለ እንበል፦ ተመላሿ የሥራ ውሏን ቅጂ ስትፈልግ የላትም። አሠሪዋ ጋር ቀርቷል፣ ቤተሰቧም አይቶት አያውቅም። ያልተከፈላትን ደሞዝ የምትጠይቅበት ወረቀት የለም ማለት ነው። ዕቅዱ ከዚህ ትዕይንት ይነሳል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ሠራተኞች ከመሄዳቸው በፊት ገለጻ ያገኛሉ። ከፊልሙ የ15 ደቂቃ ቅጂ ይዘጋጅና ገለጻው ላይ ይታያል፣ ከዚያ አሠልጣኙ ውይይት ይመራል። የሚጠበቀው ውጤት ተጓዦች የውላቸውን ፎቶ አንስተው ቤት ላለ አንድ ሰው ትተው መሄዳቸው ነው።

ይህ ደግሞ ይለካል። ከገለጻው በፊት ስንቶቹ ይህን ለማድረግ አስበው ነበር? ሊሄዱ ሲሉ ስንቶቹ አደረጉት? «100 ሺህ ሰው ያየዋል» ከሚለው ይልቅ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሚዛን ይደፋሉ።

ደብዳቤውም ላይ ተጠንቀቁ። «ፊልሙን እንደግፋለን፣ መልካም ዕድል» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ብዙ አያሳምንም። አጋር ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ፦ አዳራሽ ይሰጣል፣ አሠልጣኝ ይመድባል፣ በዓመት ለስንት ዙር ያሳያል።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ባለታሪኳን ነው። ፊልሙን እዚያው ከተማዋ ላይ ልታሳዩ ነው። ብድሩን ጎረቤት ይሰማል፣ ደላላው ያያታል። ከመታየቱ በፊት እሷ ቀድማ ታየዋለች? «ይሄኛው ይውጣልኝ» ካለች ይወጣል? ቤተሰቧ ላይ ጫና ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን አንድ አንቀጽ ስጡት። አሁን አሁን ገምጋሚዎች መጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል።

«ኔትፍሊክስ፣ ታላላቅ ፌስቲቫሎች፣ ዩቲዩብ»

የስም ዝርዝር ስትራቴጂ አይሆንም። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ በር ሌላውን ይዘጋል። ትልልቅ ፌስቲቫሎች ብዙ ጊዜ ፊልሙ ቀድሞ ያልታየ እንዲሆን ይፈልጋሉ። አስቀድሞ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ ያ ዕድል አለቀ። የውጭ ቴሌቪዥንም በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያለ ፊልም ለመግዛት ያንገራግራል።

ለእኛ ፊልም የሚያስኬደው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። አምስተርዳም እንዳለው ኢድፋ ባለ ፌስቲቫል መጀመር፣ ከዚያ ናይሮቢና አዲስ አበባ። ለቴሌቪዥን የ52 ደቂቃ ቅጂ ማዘጋጀት፣ ለውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ መጻሕፍት ለብቻው መሸጥ። በነፃ የሚለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የገለጻው የ15 ደቂቃ ቅጂ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። ዝግ ማሳያ ቢሆንም ከፌስቲቫሉ ጋር ይጋጭ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅና መልሱን ማመልከቻው ላይ ማስፈር ይሻላል።

የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ እውነቱን ጻፉ። ብዙ ጊዜ ጣቢያው ፊልሙን አይገዛም፤ የአየር ሰዓት የሚከፍለው አዘጋጁ ወይም ስፖንሰሩ ነው። «ከአገር ውስጥ ሽያጭ ገቢ እናገኛለን» ብሎ የጻፈ ገበያውን አያውቅም ተብሎ ይታለፋል።

ሙዚቃም አለ። ከበስተጀርባ የሚሰማው ዘፈን ለፌስቲቫል ብቻ የተፈቀደ ከሆነ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ላይ መውጣት አይችልም። ፈቃዱ የትኛውን ሥርጭት እንደሚሸፍን ከአሁኑ ካልታየ ዕቅዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

በጀቱ ላይ የሌለ ዕቅድ

ገምጋሚ ትረካውን አንብቦ ወደ በጀቱ ይሄዳል። ኦሮምኛ ትርጉም ብላችኋል፣ በጀቱ ላይ የለም። አሥር ወረዳ ብላችኋል፣ የፕሮጀክተር፣ የጄኔሬተርና የነዳጅ ወጪ የለም። ለቀረጻ የሚሰጥ ፈንድ የማሳያ ዘመቻን ላይሸፍን ስለሚችል ይህንን ለብቻው በትንሽ ሠንጠረዥ አውጡት፤ ከየት ሊመጣ እንደታሰበም ጻፉ። አሥሩ ወረዳ ከአቅም በላይ ከሆነ ሦስት በሉ።