ሾልደር ፕሬስ ስትሠሩ ወገባችሁ የሚሰረጉደው ለምንድን ነው? ዳሌና የጎድን አጥንትን አስተካክሎ መግፋት

ሐዋሳ ውስጥ ሐይቁ አካባቢ ባለ አንድ ጂም አሠልጣኝ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ነጂ መጥቶ “ሾልደር በሠራሁ ቁጥር ወገቤን ይይዘኛል” አለኝ። ባሩን ከትከሻው ወደ ላይ በ45 ኪሎ ሲገፋ በጎን ቆሜ አየሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደህና ነበሩ። ከአራተኛው በኋላ ደረቱ ወደ ሰማይ ዞረ፣ የታችኛው የጎድን አጥንቱ ወደ ፊት ወጣ፣ ወገቡ ሰረጎደ። ባሩ ግን ላይ ደረሰ። እሱም ክንዱ እስከ ላይ የሚዘረጋ መሰለው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ክንዱ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፤ የቀረውን የሞላው ወገቡ ነው።

ነገሩን በሞሰብ አስቡት። ዳሌ የሞሰቡ መቀመጫ ነው፣ የጎድን አጥንት ደግሞ ክዳኑ። ክዳኑ ልክ ሲገጥም መሃል ያለው ወገብ ያርፋል። ክዳኑ ከፊት ሲከፈት፣ ወይም መቀመጫው ወደ ፊት ሲደፋ፣ ከኋላ ያለው ወገብ ይጨመቃል። ክዳኑን ከሚከፍቱት አንዱ በጂም ቋንቋ “ላት” የምንለው ጡንቻ ነው። ከዳሌ አጥንትና ከወገብ ተነስቶ፣ የታችኛውን የጎድን አጥንት ይዞ፣ በብብት ስር አልፎ የላይኛው ክንድ ላይ ይጣበቃል። ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ ይለጠጣል። ካጠረ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ክንዱን ያቆመዋል፣ ወይ ወገቡን ያሰረጉደዋል። ባር በእጃችሁ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው የምታገኙት።

መጀመሪያ ወለል ላይ ለኩ

ባር ሳትነኩ በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ እግራችሁን ወለሉ ላይ አሳርፉ። ትንፋሻችሁን በአፍ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የታችኛው የጎድን አጥንት ወደ ሆድ ሲወርድ ይሰማችኋል። እዚያው ያዙት። አሁን ሁለቱን ክንዶች ቀጥ አድርጋችሁ ከራሳችሁ በላይ ወደ ወለሉ ውሰዱ። ወገባችሁ ከወለሉ መነሳት ሲጀምር፣ ወይም የጎድን አጥንቱ ሲወጣ፣ ቁሙ። እጃችሁ ከወለሉ ስንት ቀረው? ትከሻችሁ ያለ ወገብ እርዳታ የሚደርሰው እስከዚያ ነው።

ከዚያ ወገባችሁን ልቀቁትና እጃችሁን ወለል አስነኩ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ወገባችሁ ለትከሻችሁ የሚያበድረው ነው። የባጃጅ ነጂው አንድ ስንዝር ሙሉ ነበር። ወገቡን ሲለቅ ግን እጁ ወዲያው ወለል ነካ። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ጎንበስ ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙም አልገረመኝም።

ክዳኑን መግጠም፣ ግን ሳታበዙት

ቁሙ። እግራችሁን በዳሌ ስፋት ክፈቱ። ትንፋሻችሁን ረዥም አስወጡ፣ የጎድን አጥንቱ ይውረድ። መቀመጫችሁን በግማሽ ጉልበት ጨብጡት። የቀበቶ ዘለበታችሁ ትንሽ ቀና ይላል። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ አየር ሳቡ። አየሩ ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ይሂድ እንጂ ደረትን አያንሳው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “ወገብህን አታሰርጉድ” ሲባል ዳሌውን ከሥሩ ቆልፎ፣ ደረቱን ጨፍልቆ፣ እንደ ጉብጥ ሰው ሆኖ ይገፋል። ይሄም ትከሻን ይዘጋል። አሁኑኑ ሞክሩት። ወንበር ላይ ጎብጣችሁ ተቀመጡና አንድ ክንድ አንሱ። ቀጥ ብላችሁ ደግማችሁ አንሱ። ልዩነቱን ታያላችሁ። ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ ጀርባ ላይ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት አብሮ ወደ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። የላይኛው ጀርባ ከጎበጠ ያ አጥንት መሄጃ ያጣል። ስለዚህ የምንፈልገው የታችኛው የጎድን አጥንት ወርዶ፣ የላይኛው ጀርባ ግን ቀጥ ማለቱን ነው። ወገብም ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን የለበትም፤ ተፈጥሯዊ ጉድጓዱ ይኑረው። የምንጠብቀው በየድግግሞሹ እየጠለቀ እንዳይሄድ ነው።

በአንድ ጉልበት ተንበርክካችሁ ግፉ

ይሄን እንቅስቃሴ በጣም እወደዋለሁ፤ ለመሸወድ አይመችምና። ቀኝ ጉልበታችሁን መሬት አድርጉ፣ ግራ እግራችሁ ከፊት ይሁን። ዳምቤሉን በቀኝ እጅ ያዙ። የቀኝ መቀመጫችሁን ጨብጡ፤ የቀኝ ጭናችሁ ፊት ሲወጠር ዳሌው ተስተካክሏል ማለት ነው። አሁን ትንፋሽ እያስወጣችሁ ግፉ። በባዶ እጃችሁ የታችኛውን የጎድን አጥንት ብትዳስሱ ሲወጣ ወዲያው ታውቃላችሁ።

በአንድ እጅ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ክብደቱን የሚወስነው ክንዳችሁ ሳይሆን የጎድን አጥንታችሁ ነው። 45 ኪሎ ባር ሲገፋ የነበረው ልጅ እዚህ በ10 ኪሎ ዳምቤል ነው የጀመረው። በ12 ኪሎ ስድስተኛው ላይ ክዳኑ ይከፈትበት ነበር።

ወደ ባሩ ስትመለሱ

ባሩ በላይኛው ደረት ላይ ይረፍ፤ ክርናችሁ ከባሩ ስር ይሁን። ባሩ ፊታችሁን እንዲያልፍ ቦታ የሚሰጠው አገጭ ነው፤ አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ደረታችሁን ግን አታንሱ። ግንባራችሁን ሲያልፍ ራሳችሁን ከባሩ ስር ወደ ፊት መልሱ። ላይ ሲደርስ ባሩ ከእግራችሁ መሃል ትይዩ ይሁን፣ ክንዳችሁም ከጆሯችሁ አጠገብ። ከፊት ከቀረ ትከሻችሁ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ከባድ ክብደት ሲሆን ጥቂት ወደ ኋላ ማለት ያለ ነው። ግን ወሰኑ ቶሎ ይጠፋል። በክብደት ማንሳት ውድድር ፕሬስ እስከ 1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ድረስ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቀረ። አንዱ ምክንያት ተወዳዳሪዎች ወደ ኋላ በጣም እየተለመጡ ስለሚገፉ ለዳኞች መፍረድ ስላስቸገረ ነው።

ስልካችሁን በጎን በኩል በክርናችሁ ከፍታ አስቀምጡና ቅረጹ። ቪዲዮው ላይ ከታችኛው የጎድን አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ያለውን ርቀት ብቻ እዩ። ርቀቱ መስፋት የጀመረበት ድግግሞሽ የዙሩ መጨረሻ ነው። አምስተኛው ላይ ከሆነ አምስት ነው።

ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ

ወለል ላይ ስንዝር የሚቀራችሁ ከሆነ ለጊዜው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መግፋቱን ተዉት። የባሩን አንድ ጫፍ ግድግዳ ጥግ አስደግፉና ሌላውን ጫፍ በአንድ እጅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ግፉ። ክንዱ ጆሮ አጠገብ መድረስ ስለሌለበት ወገብ አያበድርም። ከዚያ ጎን ለጎን ላቱን አላቁት። ቤንች ፊት ተንበርከኩ፣ ክርናችሁን ቤንቹ ላይ አድርጉ፣ ደረታችሁን ወደ ታች ልቀቁ። የጎድን አጥንቱን ይዛችሁ 5 ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ። ውጥረቱ ብብት ስር ሊሰማችሁ ይገባል። ከትከሻ ፊት ለፊት የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን አቁሙ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው፤ እሱ የአቋቋም ጉዳይ አይደለም።

ባጃጅ ነጂው ስድስት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ሠራ። ወለል ላይ ስንዝር የነበረው ክፍተት አራት ጣት ሆነ። ባሩን በ30 ኪሎ ጀመርንለት። አሁን 40 ላይ ነው፣ ስምንቱንም ክዳኑ ሳይከፈት ይጨርሳል። ዘጠነኛውን እንዲሞክር አልፈቅድለትም።